ዳታስቶር ሞልቶ ቪኤም ሲቆም፦ Cancel ከመንካትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች። ገላን ያለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ፣ ብቻዬን። አንድ ሰርቨር አለን፣ ኢኤስኤክስአይ 7፣ ቪሴንተር የለንም። ዳታስቶሩ 1,800 ጊጋ ነው፣ ቪኤምኤፍኤስ 6። አራት ቪኤም፣ ሁሉም ዊንዶውስ ሰርቨር 2019፣ ሁሉም ቲን፦ ሂሳብ 800 (ራም 32)፣ ፋይል ሰርቨር 1,000 (ራም 16)፣ ዶሜይን 120 (ራም 8)፣ ካሜራ 1,000 (ራም 8)። የካሜራውን ያስገባነው ባለፈው ሳምንት ነው፣ 8 ካሜራ፣ እያንዳንዱ 1 ሜጋቢት። ዛሬ ጠዋት ሂሳቡና ካሜራው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ There is no more space for virtual disk ይላል። Retry ስለው ተመልሶ ያው ነው። ፋይል ሰርቨሩ ላይ ብዙ አሮጌ ፋይል አጠፋሁ፣ ዳታስቶሩ ግን ፍንክች አላለም። Cancel ብዬ ሪስታርት ላድርገው? ሂሳብ ክፍሎች እላዬ ላይ ቆመዋል።»

መልስ፦

ወንድሜ መጀመሪያ እጅህን ከ Cancel ላይ አንሳ፣ በተለይ ሂሳቡ ላይ። እዚያ ጥያቄ ላይ Cancel ማለት ቪኤሙን በቁሙ ማጥፋት ነው፣ የሰርቨሩን ገመድ ነቅለህ እንደማለት፣ ዳታቤዙ ሊጽፍ ሲል ያቋረጠው ነገር ሜሞሪ ላይ እንዳለ ይጠፋል። አሁን ግን ቪኤሙ አልሞተም፣ ቦታ እስኪያገኝ በረዶ ሆኖ ነው የቆመው፣ ቦታ ሰጥተኸው Retry ስትለው ካቆመበት ይቀጥላል። ተመልሶ የሚቆመው ቦታው አሁንም ዜሮ ስለሆነ ብቻ ነው፣ ስለዚህ Retry መደጋገሙንም ተወው። ሪስታርትማ ጭራሽ አታስበው፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የምናጸዳበት ቅደም ተከተል ከዚህ ነው የሚመጣው። ቲን ዲስክ 1,000 ጊጋ ነኝ ብሎ ለዊንዶውሱ ይነግረዋል እንጂ ዳታስቶሩ ላይ የሚይዘው የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። ዊንዶውሱ ከዚህ በፊት ነክቶት የማያውቀው ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲል ያኔ ነው ከዳታስቶሩ አዲስ ብሎክ የሚወሰደው፣ 1 ሜጋ፣ 1 ሜጋ እያለ። ዳታስቶሩ ሲሞላ ታዲያ ሁሉም እኩል አይቆምም፣ አዲስ ብሎክ የጠየቀው ነው የሚቆመው። ዶሜይንህና ፋይል ሰርቨርህ እስካሁን የሚሠሩት ድሮ በያዙት ብሎክ ላይ እየጻፉ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሼር ላይ ይጣል ፋይል ሰርቨሩም ቀጥ ይላል። ስለዚህ አሁኑኑ ለሠራተኛው ሼር ላይ ምንም እንዳትጭኑ በል፣ እሱ የመጀመሪያው ሥራህ ነው።

ቀጥሎ ቦታውን ማን እንደበላው በትክክል እንይ። ኤስኤስኤች ከፍተህ ይቺን ስጠው፣

```
df -h
du -sh /vmfs/volumes/datastore1/*
ls -lh /vmfs/volumes/datastore1/*/*.vmdk
```

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ `ls` የሚያሳይህ ዲስኩ የተባለውን መጠን ነው፣ ማለትም 1,000 ጊጋ ካልከው 1,000 ይላል፣ እውነት የያዘውን የሚነግርህ `du` ነው። የፎልደሩን ስም ብቻ አትይ፣ ውስጥ ግባና ስሙ ውስጥ `-000001` ያለበት ፋይል ካለ ተመልከት፣ ያ ስናፕሾት ነው። ያንተን ማሽን ሳላየው ማወቅ ስለማልችል አንድ ሊሆን የሚችል ስሌት ልሥራልህ፣ አንተ በራስህ ቁጥር ተካው። ሂሳብ 310፣ ፋይል ሰርቨር 520፣ ዶሜይን 60፣ ካሜራ 780 ይዘዋል እንበል፣ ድምሩ 1,670 ነው። ከዚያ ቪኤም ሲነሳ በራሙ ልክ `.vswp` የሚባል ፋይል ይፈጥራል፣ ራም ሪዘርቭ ካላደረግክለት በቀር ያንተ አራቱ 64 ጊጋ ይይዛሉ። 1,734 ደረስን። ሂሳቡ ላይ «ከአፕዴት በፊት» ተብሎ የተነሳና የተረሳ ስናፕሾት 60 ጊጋ አድጓል እንበል፣ 1,794። ሁለት የዊንዶውስ አይኤስኦ ፋይል 6 ጊጋ፣ 1,800። አለቀ።

የካሜራውን ቁጥር ደግሞ ለብቻው ተመልከተው። 1 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በቀን 10.8 ጊጋ ነው፣ በ8 ካሜራ 86 ጊጋ ገደማ በቀን። ካሜራው ከያዘው 780 ውስጥ 60ውን ለዊንዶውሱ ብንተው 720ው ቪዲዮ ነው፣ ይሄ የ8 ቀን ከምናምን ቀረጻ ነው፣ ካስገባችሁት ሳምንት አልፎታል ካልክ ልክ ይመጣል። የሚያስፈራው የቀረው ነው። የካሜራ ሶፍትዌር አሮጌውን የሚያጠፋው የራሱ ዲስክ ሲሞላ ነው፣ የሱ ዲስክ ደግሞ 1,000 ነው ተብሏል፣ ስለዚህ ገና 220 ጊጋ ሊበላ ነው ያሰበው። ዛሬ እንደምንም ብለህ 150 ጊጋ ብታስለቅቅና ሁሉንም ብታስነሳ ካሜራው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ጠራርጎ ይጨርሰዋል፣ ከዚያ ያው ሂሳብ ክፍል እላይህ ላይ ነው።

ስለዚህ Cancel የምትለው ካሜራውን ብቻ ነው። እሱ ላይ የምታጣው ጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ነው፣ ያውም ከቆመ ጀምሮ እየቀረጸ አይደለም። ለጥበቃ ኃላፊው ቀድመህ ንገረው እንጂ ዝም ብለህ አትዝጋበት። ሲጠፋ 8 ጊጋው `.vswp` ይለቀቃል። ከዚያ አይኤስኦዎቹን ከዳታስቶር ብራውዘሩ አጥፋ፣ የአንዱ ቪኤም ሲዲ ላይ ተሰክተው ከሆነ መጀመሪያ ከዚያ ንቀላቸው። 14 ጊጋ አገኘህ። ብዙ አይደለም ግን መተንፈሻ ይሆናል። አሁን ሂሳቡን Retry በለው፣ ይነሳል። በዌብ ገጹ አልመልስ ካለህ በትእዛዝም ይሆናል፣ የመጀመሪያው የቪኤሙን ቁጥር ይሰጥሃል፣ ሁለተኛው ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ያሳይሃል (4 ያልኩትን በራስህ ቁጥር ተካ)፣ ለመመለስ ሁለተኛውን ትእዛዝ መጨረሻው ላይ የጥያቄውንና የ Retry ምርጫውን ቁጥር ጨምረህ ድገመው፣

```
vim-cmd vmsvc/getallvms
vim-cmd vmsvc/message 4
```

ሂሳቡ እንደተነሳ ሰዎቹ የጀመሩትን ጨርሰው ይውጡ፣ አዲስ ሥራ እንዳይጀምሩ።

አሁን ወደ ፋይል ሰርቨሩ፣ አጠፋሁ ግን ምንም አልተለወጠም ወዳልከው። ዊንዶውስ ፋይል ሲያጠፋ የሚያደርገው በራሱ መዝገብ ላይ «ይሄ ቦታ ነፃ ነው» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው፣ ብሎኩ ዳታስቶሩ ላይ እንደተያዘ ይቀራል። እንዲለቀቅ «ይሄን አልፈልገውም» የሚል ትእዛዝ ወደታች መላክ አለበት። ያንተ ቪኤምኤፍኤስ 6 ስለሆነና 2019 ስለሆነ ይሄ ይሠራል፣ የቪኤሙ ሃርድዌር ቨርዥን 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ። ለማረጋገጥ ፋይል ሰርቨሩ ውስጥ Defragment and Optimize Drives ክፈትና ዲ ድራይቩ ፊት ለፊት Thin provisioned drive ይላል ወይ ብለህ እይ። የሚል ከሆነ ፓወርሼል በአድሚን ክፈትና፣

```
Optimize-Volume -DriveLetter D -ReTrim -Verbose
```

ዊንዶውሱ ውስጥ አሁን 340 ጊጋ ብቻ ተይዟል ብንል፣ ዳታስቶሩ ላይ ደግሞ 520 ነው፣ ልዩነቱ 180 ሙት ቦታ ነው። ሙሉ 180ው አይመለስም፣ ተበታትኖ ያለ ክፍት ቦታ ሙሉ 1 ሜጋ ብሎክ ካላስለቀቀ እዚያው ይቀራል፣ 150 ቢመጣ ጥሩ ነው። ጊዜ ሊወስድ ይችላል፣ እሱ እየሠራ `df -h` ደጋግመህ ስጠው፣ ሲጨምር ታየዋለህ። ፋይል ሰርቨሩም ላይ የተረሳ ስናፕሾት ካለ ግን ከዋናው ዲስክ ቦታ ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ፣ ከሱ ነው መጀመር ያለብህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ `sdelete -z` አድርግ ከዚያ `vmkfstools -K` አድርግ የሚል ምክር ታገኛለህ። ምክሩ ለሌላ ቀን ልክ ነው፣ ለዛሬ ግን መርዝ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነፃ ቦታውን በሙሉ በዜሮ ይሞላል፣ ለዳታስቶሩ ደግሞ ዜሮም መጻፍ ነው፣ ስለዚህ 520 የነበረው ዲስክ ወደ 1,000 ለማበጥ ይነሳል፣ 480 ጊጋ ፈልጎ ማለት ነው። ቦታ ለማስለቀቅ ብለህ የቀረችህን 14 ጊጋ በደቂቃዎች ታስበላለህ፣ ፋይል ሰርቨሩም ይቆማል። ዊንዶውስ ውስጥ ሙሉ ፎርማት ማድረግም እንደዚሁ ነው፣ አዲስ ቲን ዲስክ ስትጨምር Quick የምትለዋን ምልክት አታንሳ።

ቀጥሎ ስናፕሾቱ። ይሄ ክፍል ላይ ረጋ በል። ስናፕሾት ያለበት ቪኤም ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፈው ሁሉ ያለው `-000001` በሚለው ፋይል ውስጥ ነው፣ ዋናው ዲስክ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነካም። ስለዚህ ያንን ፋይል አሮጌ ነገር መስሎህ ከዳታስቶር ብራውዘር ካጠፋኸው ከአፕዴቱ ወዲህ ያለውን ሂሳብ ነው የምታጠፋው። Restore የምትለዋም እንደዛው፣ ወደዚያ ቀን ትመልስሃለች። አንተ የምትፈልገው በስናፕሾት ማኔጀሩ ውስጥ Delete all የሚለውን ነው፣ ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚጠፋው ስናፕሾቱ ነው፣ ዳታው ወደ ዋናው ዲስክ ይቀላቀላል።

ችግሩ መቀላቀሉም ቦታ ይፈልጋል። ዋናው ዲስክ ቲን ስለሆነ ከ60 ጊጋው ውስጥ አዲስ ቦታ ላይ የተጻፈው ሁሉ ዋናውን ያሳድገዋል፣ ስናፕሾቱ የሚጠፋው ደግሞ ቅልቅሉ ካለቀ በኋላ ነው። በከፋ ሁኔታ 60 ለማግኘት መጀመሪያ 60 ማዋጣት አለብህ። በዚያ ላይ ቪኤሙ እየሠራ ከሆነ በቅልቅሉ ወቅት የሚጻፈውን የሚይዝ ሌላ ጊዜያዊ ስናፕሾት ይፈጠራል። ስለዚህ ሂሳቡን ከውስጥ በሥርዓት ሹትዳውን አድርገው፣ የሱ 32 ጊጋ `.vswp` ይለቀቃል፣ ቀድሞ ካገኘኸው 14 እና ከፋይል ሰርቨሩ 150 ጋር 196 ይሆናል፣ በሰላም ይበቃል። ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያለው ReTrim እምቢ ካለህ ደግሞ እሱንም ሹትዳውን አድርገው፣ 14 እና 32 እና 16፣ 62 ነው፣ ለጥቂት ነው የምታልፈው፣ ዶሜይኑን ስትጨምርበት 70። እኔ ብሆን እንደዚህ ጥብብ ባለ ቦታ ላይ ከመጀመሬ በፊት የሂሳቡን ባክአፕ በውጭ ድራይቭ መኖሩን በዓይኔ አያለሁ። ዳታቤዙን ከውስጥ ባክአፕ አድርገህ በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ላከው፣ እዚያው ቪኤም ላይ አታስቀምጠው፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሃል።

ቅልቅሉ አንድ ፐርሰንት ላይ ቆሞ ረጅም ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ተሰቅሏል ብለህ ሆስቱን እንዳታጠፋው። ገላን ላይ መብራት እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ መያዙን አይተህ ጀምር፣ ዩፒኤስ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ሲያልቅ `-000001` የሚለው ከፎልደሩ ይጠፋል፣ ያኔ ሂሳቡን አስነሳ።

ሪስታርት አታስብ ያልኩህ በዚህ ምክንያት ነው። ቪኤሞቹ ሲጠፉ 64ቱ ጊጋ ይለቀቃል፣ መጀመሪያ የተነሳው የራሱን `.vswp` ይወስድና ዲስኩን እያሳደገ ይቀጥላል፣ ካሜራው ቀድሞ ከተነሳ የሌላውን ድርሻ ሊበላው ይችላል፣ መጨረሻ ላይ 32 ጊጋ የሚፈልገው ሂሳብ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ቅድም ቆሞ የነበረው አሁን ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ Autostart ላይ ዶሜይኑን አንደኛ፣ ሂሳቡን ሁለተኛ አድርገው።

ይሄ ሁሉ ዛሬን ለማለፍ ነው። ከዚህ በኋላ ካሜራውን ያንን ዳታስቶር ላይ አታስነሳው። ቲን በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እኔም በየቦታው እጠቀመዋለሁ፣ ሰርግ ላይ ከወንበሩ በላይ ሰው እንደመጥራት ነው፣ ሁሉም እንደማይመጣ ስለምታውቅ። ካሜራ ግን መምጣቱ የተረጋገጠ እንግዳ ነው፣ የተባለለትን ዲስክ እስከ መጨረሻዋ ሜጋ ይሞላል፣ ሥራው ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ቲን ምንም አላተረፈልህም፣ የሚሞላበትን ቀን ብቻ ነው ያዘገየልህ። አንድ ለብቻው የሆነ ዲስክ ገዝታችሁ ሰርቨሩ ላይ ሌላ ዳታስቶር አድርጎ ካሜራውን እዚያ ማስቀመጥ ነው የኔ ምርጫ፣ ሲሞላም ራሱን ብቻ ነው የሚያቆመው። እዚያም ቢሆን ዲስኩን Thick አድርገው፣ የቀረጻውን ቀን ደግሞ ከሶፍትዌሩ ውስጥ ገድበው። አሮጌው ቪዲዮ የሚያስፈልግ ከሆነ ከማዛወርህ በፊት ኃላፊዎቹን ጠይቅ፣ ስርቆት ምናምን ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

ካሜራው ሲወጣ የቀሩት ሦስቱ 800፣ 1,000 እና 120 ናቸው፣ 1,920፣ ከ `.vswp` ጋር ወደ 1,980። አሁንም ከ1,800 ይበልጣል፣ ግን ይሄን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። የዲስኩን ፋይል ማሳነስ አይቻልም፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ያለውን ፓርቲሽን ማሳነስ ግን ይቻላል። ፋይል ሰርቨሩ የሚጠቀመው 340 ከሆነ ዲ ድራይቭን በDisk Management በ300 ጊጋ ቀንሰውና ያንን ቦታ ባዶ ተወው። ዊንዶውስ ፓርቲሽን ያልሆነ ቦታ ላይ አይጽፍም፣ ስለዚህ 1,000 የተባለው ዲስክ በተግባር ከ700 አያልፍም። ድምሩ 1,620 ከ `.vswp` 56 ጋር 1,676 ይመጣል፣ ሁሉም እስከ አንገቱ ቢሞላ እንኳን ለስናፕሾት 120 ጊጋ ገደማ ይተርፋል። ReTrim ግን ከመቀነስህ በፊት አድርግ፣ ከተቆረጠ በኋላ ያንን ቁራጭ አይደርስበትም።

ቪሴንተር ያላቸው ሰዎች ዳታስቶር 75 ፐርሰንት ሲደርስ ቢጫ፣ 85 ሲደርስ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሳይነኩት ያገኛሉ። አንተ የለህም፣ ስለዚህ ዌብ ገጹን ከፍተህ ዳታስቶሩ ላይ Capacity፣ Provisioned እና Free የሚሉትን ሦስት ቁጥሮች ጠዋት ጠዋት እይ። Provisioned ከ Capacity በልጦ ካየኸው ያኔውኑ አትደንግጥ፣ Free ከትናንት በስንት እንደቀነሰ አስላና የቀረውን Free ለዚያ የቀን ፍጆታ አካፍለው። የሚመጣልህ ቁጥር ዲስክ ጠይቀህ፣ ፕሮፎርማ ሰብስበህ፣ ግዢ አልፎ እጅህ እስኪገባ ከሚወስደው ቀን ካነሰ፣ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጻፍ።